የልብ ጽሕፈት፤ ፒ፣ ኪውአርኤስና ቲ የሚባሉት ሞገዶች ትርጕም

(በሬድዮ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ልብ ሕመም ወደ ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ በእጁ፣ በእግሩና በደረቱ ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ተያይዘውለት ጥቂት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ ታዝዞ ያውቃል። ከዚያም መሣሪያው በጥቃቅን ካሬዎች በተሰመረ ወረቀት ላይ ወጣ ገባ የሚል አንድ መስመር ይጽፋል። ይህ ጽሕፈት ኤሌክትሮካርዲዮግራም ይባላል። መስመሩ መጀመሪያ ትንሽ ጕብታ፣ ቀጥሎ እንደ ጦር የሾለ ከፍታ፣ ከዚያም ሰፋ ያለ ጕብታ እያሳየ ይደጋገማል። የመጀመሪያው ፒ፣ ሁለተኛው ኪውአርኤስ፣ ሦስተኛው ቲ ይባላል። በዛሬው ንግግራችን እነዚህ ሦስቱ በልብ ውስጥ የሚፈጸመውን ምን ምን ነገር እንደሚያመለክቱ እናስረዳለን።

ስሞቹን ያወጣላቸው በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ያስተምር የነበረው ቪለም አይንትሆቨን ነው። ከእርሱ በፊት ኦገስተስ ዎለር የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. በለንደን ከሰው አካል ላይ የልብን ኤሌክትሪክ ለመመዝገብ ችሎ ነበር፤ ዳሩ ግን የዎለር መሣሪያ ዘገምተኛ ስለ ነበረ የመስመሩን እውነተኛ መልክ ለማሳየት አልቻለም። አይንትሆቨን በብር የተለበጠ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር በኀይለኛ ማግኔት መካከል ዘርግቶ፣ የክሩን እንቅስቃሴ በፎቶግራፍ ያነሣ ነበር። በሽተኛው ሁለት እጆቹንና ግራ እግሩን ጨው በተጨመረበት ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። አይንትሆቨን ስለዚህ ሥራው በ1924 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ፊደሎቹ ከላቲን ፊደል መካከለኛ ሥፍራ ተከታትለው የተወሰዱ ናቸው እንጂ የማንኛውም ቃል መነሻ አይደሉም፤ ስለዚህ ከፊደሎቹ ትርጕም ለማውጣት መድከም አያስፈልግም።

ከሁሉ አስቀድሞ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እናቃና። ወረቀቱ ላይ የሚታየው የልብ ምት ራሱ አይደለም። ከምት አስቀድሞ በልብ ሥጋ ውስጥ የሚተላለፈው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ይቀድማል፣ የጡንቻው መኰማተር ይከተላል። ይህ ልዩነት ከንቱ የቃል ክርክር እንዳይመስላችሁ፤ በሽተኛው ልቡ ደም መርጨት ባቆመበት ሰዓት እንኳ መሣሪያው ለጥቂት ጊዜ ያማረ መስመር ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ ነው ብልህ ሐኪም ዐይኑ በወረቀቱ ላይ ሳለ ጣቱን ከበሽተኛው የደም ሥር ላይ የማያነሣው።

አሁን ትእዛዙ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። እያንዳንዱ የልብ ጡንቻ ሕዋስ በዕረፍት ላይ ሳለ ውስጡ ከውጩ ይልቅ በ90 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው፤ ሚሊቮልት ማለት የአንድ ቮልት አንድ ሺኛ ነው። ሕዋሱ በጎረቤቱ ሲቀሰቀስ በግድግዳው ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ይከፈቱና ሶዲየም የተባለው የጨው ዓይነት ወደ ውስጥ ይጐርፋል፤ በዚያች ቅጽበት የውስጡ አሉታዊነት ወደ አዎንታዊነት ይገለበጣል። ይህን መገልበጥ መነቃቃት እንለዋለን። ኋላ ደግሞ ፖታሲየም ወደ ውጭ ሲወጣ ሕዋሱ ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይመለሳል፤ ይህንንም ማገገም እንበለው። አንዱ የተነቃቃ ሕዋስ ጎረቤቱን ስለሚቀሰቅስ፣ ነገሩ በደረቅ ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዛመታል።

በሰውነት ላይ የተለጠፈው መሣሪያ ታዲያ የሚለካው የአንዱን ሕዋስ ሁኔታ ሳይሆን በልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ወገን ተነቃቅቶ ሌላው ገና ሲያርፍ ልዩነት አለና መስመሩ ይነሣል ወይም ይወርዳል። ሁሉም ሲያርፉ ልዩነት የለምና መስመሩ ሜዳ ይሆናል፤ ሁሉም በአንድነት ተነቃቅተው ሲገኙም እንዲሁ ሜዳ ይሆናል። ይህንን ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ደግሞም የመነቃቃቱ ግስጋሴ ወደ መሣሪያው አዎንታዊ ጫፍ ሲመጣ መስመሩ ወደ ላይ፣ ሲርቅ ወደ ታች እንዲሄድ ተደርጎ ተሠርቷል። ለንግግራችን የምንጠቀመው ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እግር የሚመለከተውን መስመር ነው፤ ይህም በሐኪሞች ዘንድ ሁለተኛው መስመር ይባላል።

ትእዛዙ የሚነሣው በቀኙ ላይኛ የልብ ጓዳ ግድግዳ ላይ ካለች ሳይነስ ከምትባል ትንሽ ቋጠሮ ነው። የሚያስደንቀው ነገር፣ የሁሉ መነሻ የሆነችው ይህች ቋጠሮ ስትነቃቃ በወረቀቱ ላይ ምንም ምልክት አይታይም፤ ሥጋዋ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ድምፅዋ እስከ ቆዳ አይደርስም። የምናየው ትእዛዟ በሁለቱ ላይኛ ጓዳዎች ሥጋ ላይ ሲዛመት ነው፤ እርሱም ፒ የተባለው ሞገድ ነው። ላይኞቹ ጓዳዎች ግድግዳቸው ስስ ስለ ሆነ ፒ ትንሽና ለስላሳ ጕብታ ሆኖ ይታያል። ወረቀቱ እንደ ልማድ በሴኮንድ 25 ሚሊሜትር ስለሚሄድ አንዱ ሚሊሜትር የሴኮንድ 0.04 ነው፤ ጤነኛ ፒ ስፋቱ ከ3 ሚሊሜትር ያንሳል።

ከፒ በኋላ አጭር ሜዳ ይመጣል። ጀማሪ ተማሪ ይህን ሜዳ ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ነገር ግን ከመስመሩ ሁሉ ይልቅ ምስጢር የሞላበት እርሱ ነው። በላይኞቹና በታችኞቹ ጓዳዎች መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ግድግዳ ስላለ፣ ትእዛዙ ወደ ታች የሚያልፈው በአንዲት በር ብቻ ነው። ይህችን መገናኛ ቋጠሮ ሱናኦ ታዋራ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሲሠራ በ1906 ዓ.ም. ገልጿታል። በዚህች ቋጠሮ ውስጥ ትእዛዙ በሴኮንድ 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ እያዘገመ ይሄዳል። ይህ መዘግየት ጕድለት አይደለም፤ ላይኞቹ ጓዳዎች ደማቸውን ወደ ታች ጨርሰው እንዲያራግፉ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በሩን አልፎ የሂስ ገመድ ወደሚባለው ከገባ በኋላ ግን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተከፍሎ ፑርኪንዬ በሚባሉ ክሮች አማካይነት በሴኮንድ ከ2 እስከ 4 ሜትር ይሮጣል። ከፒ መጀመሪያ እስከ ኪውአርኤስ መጀመሪያ ያለው ርቀት በጤነኛ ሰው ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ ማለት ከ0.12 እስከ 0.20 ሴኮንድ ነው።

ክሮቹ ትእዛዙን ወደ ታችኞቹ ጓዳዎች ሲያደርሱ ኪውአርኤስ ይጻፋል። ታችኞቹ ጓዳዎች፣ ይልቁንም ደምን ለሰውነት ሁሉ የሚረጨው የግራው፣ ግድግዳቸው ወፍራም ነው፤ ስለዚህ ሞገዱ ይረዝማል። ክሮቹም ፈጣን ስለ ሆኑ ይህ ሁሉ ሥጋ ከ0.12 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይነቃቃል፤ ስለዚህ ሞገዱ ሹልና ቀጭን ነው። ሦስት ፊደል የተሰጠውም የግስጋሴው አቅጣጫ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚለዋወጥ ነው። አስቀድሞ ሁለቱን ጓዳዎች የሚለየው ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ይነቃቃልና ትንሽ ወደ ታች የምትወርድ ኪው ትታያለች፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ አትታይም። ቀጥሎ የግራው ጓዳ ትልቁ ሥጋ ይነቃቃና አር ከፍ ብሎ ይወጣል። በመጨረሻ በላይኛው ጠርዝ የቀረው ሥጋ ሲነቃቃ ግስጋሴው ወደ ኋላ ስለሚመለስ ኤስ ትወርዳለች። ላይኞቹ ጓዳዎችም የሚያገግሙት በአብዛኛው በዚህ ጊዜ ነው፤ ትንሿ ማገገማቸው ግን በትልቁ ሞገድ ተውጣ አትለይም።

ከኤስ በኋላ መስመሩ እንደ ገና ሜዳ ይሆናል። እንግዲህ ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኋችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ልብ አሁን አርፎ ሳይሆን የታችኞቹ ጓዳዎች ሥጋ በሙሉ ተነቃቅቶ ስለሚገኝ ነው ሜዳ የሆነው። በዚህ ጊዜ ካልሲየም ወደ ሕዋሳቱ ይገባል፣ ጡንቻው አጥብቆ ይኰማተራል፣ ደሙም ይረጫል። ወረቀቱ ዝም ባለበት ሰዓት ልብ ከሁሉ የበለጠ ይደክማል ማለት ነው። የልብ ደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ይህ ሜዳ ከቦታው ከፍ ብሎ መገኘቱ የታወቀ ምልክት ነው፤ ስለ እርሱ ግን ራሱን የቻለ ንግግር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቲ የታችኞቹ ጓዳዎች ማገገም ነው። እዚህ ላይ አስተዋይ አድማጭ አንድ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ማገገም የመነቃቃት ተቃራኒ ከሆነ፣ አር ወደ ላይ ሲወጣ ቲ ወደ ታች መውረድ አልነበረበትምን? በጤነኛ ሰው ግን ሁለቱም ወደ ላይ ናቸው። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። መነቃቃቱ ከልብ ግድግዳ ውስጠኛው ገጽ ተነሥቶ ወደ ውጭኛው ይሄዳል፤ ፑርኪንዬ ክሮች ያሉት በውስጥ ነውና። የውጭኛው ገጽ ሕዋሳት ግን ተነቃቅተው የሚቈዩበት ጊዜ አጭር ስለ ሆነ፣ ኋላ የተነቃቁት እነርሱ ቀድመው ያገግማሉ። በሰርግ ቤት ዘግይቶ ገብቶ በር አጠገብ የተቀመጠ እንግዳ ቀድሞ እንደሚወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ምልክቱም ተገለበጠ፣ የሄደበትም መንገድ ተገለበጠ፤ ሁለቱ መገልበጦች ተጣፍተው ቲ ከአር ጋር ወደ አንድ ወገን ይሆናል። ማገገም በሩጫ ክሮች የሚመራ ሳይሆን እያንዳንዱ ሕዋስ በራሱ ጊዜ የሚፈጽመው ስለ ሆነ፣ ቲ ከኪውአርኤስ ይልቅ ሰፊና ዝግ ያለ ነው። ማገገሙ በፖታሲየም መውጣት የሚፈጸም በመሆኑም፣ ኵላሊቱ በደከመና ፖታሲየም በደሙ በበዛበት ሰው ላይ ቲ እንደ ድንኳን ሹል ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት ደጋግመው በድንገት ይወድቃሉ፣ ጥቂት ቈይተውም ይነሣሉ እንበል። ቤተ ሰቡ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ያስባል። ሐኪሙ 25 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ማለት የ10 ሴኮንድ ጽሕፈት ያስነሣል። ወደ መጀመሪያው ምት ሲመለከት ፒ ከኪውአርኤስ በ4 ሚሊሜትር ቀድሞ ያገኘዋል፤ ይህም ትክክለኛ ርቀት ነው። በዚህ ብቻ ረክቶ ወረቀቱን ቢያጥፍ አዛውንቱን ለአደጋ ትቶ ነበር።

አላጠፈም እንበል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ወስዶ በጽሕፈቱ ሥር ያደርግና የፒዎቹን ቦታ በእርሳስ ነጥብ ያደርግባቸዋል። ከፒ እስከ ፒ ሁል ጊዜ 20 ሚሊሜትር ነው። ወረቀቱ በደቂቃ 1500 ሚሊሜትር ስለሚሄድ፣ 1500ን ለ20 ቢያካፍል በደቂቃ 75 ይሆናል፤ ላይኞቹ ጓዳዎች እንደ ጤነኛ ሰው ይመታሉ ማለት ነው። ከኪውአርኤስ እስከ ኪውአርኤስ ግን 42 ሚሊሜትር ነው፤ ሲካፈል በደቂቃ 36 ያህል ነው። በወረቀቱ ላይ ባጠቃላይ ፒ 13፣ ኪውአርኤስ 6 ብቻ ይቈጠራሉ።

አሁን በእያንዳንዱ ኪውአርኤስ ፊት የቀረበው ፒ ምን ያህል እንደሚቀድም ይለካል። በመጀመሪያው 4 ሚሊሜትር ነበረ፤ በሁለተኛው 6፣ በሦስተኛው 8፣ በአራተኛው 10፣ በአምስተኛው 12፣ በስድስተኛው 14 ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት ጊዜ 20 አርባ ነውና፣ ታችኛው ምት በየጊዜው በ2 ሚሊሜትር እየዘገየ ከላይኛው ይለያያል። ርቀቱ ሁል ጊዜ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ከሁለት ትእዛዝ አንዱ እያለፈ ነው ባልን ነበር። ርቀቱ እየረዘመ ሄዶ አንድ ኪውአርኤስ የሚጐድልበት ሌላ ዓይነት መሰናክልም አለ፤ በዚያኛው ግን የታችኞቹ ምቶች ርቀት እኩል አይሆንም። እዚህ ታችኞቹ እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው፣ ላይኞቹም እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው፣ በሁለቱ መካከል ግን ምንም ግንኙነት የለም። የመጀመሪያው ምት ትክክለኛ ርቀት የአጋጣሚ ነገር ነበር። መገናኛው ፈጽሞ ተዘግቷል።

አራተኛውን ምት ቢያስተውል ሌላም ነገር ያያል። አንዱ ፒ ከኪውአርኤሱ መጀመሪያ 10 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ፣ ልክ በቲ ላይ ወድቋል፤ ስለዚህ የዚያ ምት ቲ ከጓደኞቹ ተለይቶ የተሰነጠቀ ይመስላል። የቲ መልክ በአንድ ምት ብቻ ሲለወጥ፣ ከሥሩ የተደበቀ ፒ መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ሐኪሙ ነጥብ ያደረገባትን ቁራጭ ወረቀት ገፋ ሲያደርጋት የተደበቀው በቦታው ይገኛል።

ታዲያ ትእዛዝ ካልደረሰ ታችኞቹን ጓዳዎች የሚያስመታቸው ማን ነው? የላይኛው ድምፅ ሲጠፋ፣ ከመሰናክሉ በታች ያሉ ሕዋሳት በገዛ ራሳቸው በደቂቃ ከ20 እስከ 40 ጊዜ መነቃቃት ይጀምራሉ። በአዛውንቱ ወረቀት ላይ ኪውአርኤሱ 4 ሚሊሜትር ይሰፋል፤ ምክንያቱም ትእዛዙ ከታች ካለው ሥጋ ተነሥቶ በፈጣኖቹ ክሮች ሳይሆን ከሕዋስ ወደ ሕዋስ እየዳኸ ስለሚሄድ ነው። መንገዱ ስለ ተበላሸ የማገገሙም ተራ ይበላሻል፤ ስለዚህ ቲ ከኪውአርኤሱ ጋር መስማማቱን ትቶ ወደ ተቃራኒው ወገን ይዞራል። በዚህ ጊዜ የቲ መገልበጥ ሌላ በሽታ አይደለም፤ የኪውአርኤሱ መበላሸት ጥላ ነው።

ይህ ከታች የሚነሣው ምት አስተማማኝ አይደለም። ለጥቂት ሴኮንዶች ቢያቆም አንጐል ደም ያጣና ሰውየው ይወድቃል። በአየርላንድ የዱብሊን ሐኪሞች የነበሩት ሮበርት አዳምስ በ1827፣ ዊልያም ስቶክስ በ1846 ዓ.ም. ይህን መውደቅ ከዘገምተኛ የደም ሥር ምት ጋር አያይዘው ጽፈውታል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ስላልነበረ ፒዎቹን ግን ሊያዩ አልቻሉም። የመዘጋቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ በዕድሜ ብዛት የገመዶቹ መደንደን ነው። የልብ ደም ሥር መዘጋትና ምትን የሚያዘገዩ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ከማንኛውም ነገር በፊት አዛውንቱ የሚወስዱትን መድኃኒት መጠየቅ አለበት።

መድኃኒት ካልሆነና የማያልፍ ከሆነ ፈውሱ ፔስሜከር የሚባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በሰው አካል ውስጥ የተቀበረው በስቶክሆልም በጥቅምት 8 ቀን 1958 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። በሽተኛው አርነ ላርሶን ይህንኑ የመዘጋት ሕመም ነበረበት፤ መሣሪያውን የሠራው ሩነ ኤልምክቪስት፣ የቀበረው ኦከ ሴኒንግ ነበሩ። የመጀመሪያው መሣሪያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ተበላሸና ሌላ ተተካለት። ላርሶን ከዚያ በኋላ ከ20 በላይ መሣሪያዎች እየተለዋወጡለት እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ ኖረ፤ ሲሞት ዕድሜው 86 ዓመት ነበር።

የዛሬው ዘመን መሣሪያ ሁለት ሽቦ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ በላይኛው ጓዳ፣ ሁለተኛው በታችኛው። የላይኛው ሽቦ ፒን ይሰማል፣ መሣሪያው በጤነኛ ልብ ውስጥ መገናኛዋ ቋጠሮ የምትዘገየውን ያህል ይታገሣል፣ ከዚያም በታችኛው ሽቦ ትእዛዝ ይሰጣል። የአዛውንቱ ጽሕፈት መሣሪያው ከተቀበረላቸው በኋላ ሲነሣ፣ ከእያንዳንዱ ፒ ቀጥሎ እንደ መርፌ ቀጭን የሆነ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከእርሱም ጋር የተያያዘ ኪውአርኤስ ይታያል። ትእዛዙ አሁንም ከሩጫ ክሮቹ ውጭ ስለሚነሣ ኪውአርኤሱ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሰፋ ይቀራል፣ ቲም እንደ ተገለበጠ ነው። ሐኪሙ ግን በዚህ አይደነግጥም፤ ቁራጭ ወረቀቱን እንደ ገና አውጥቶ፣ ለ13ቱ ፒዎች 13 ኪውአርኤስ መኖሩንና በመካከላቸው ያለው ርቀት አለመለወጡን ይቈጥራል።